ያዘዙዎትና የተረዱት አንድ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማረጋገጥ፦ በሽያጭ ሪፖርት ምሳሌ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ለሒሳብ ባለሙያዋ በቴሌግራም እንዲህ ብለው ይጽፋሉ፦ «የ2017ን ሽያጭ በየቅርንጫፉ አውጥተሽ ለሰኞ አድርሺልኝ።» አጭር ትእዛዝ ነው፤ ግልጽም ይመስላል። እሳቸው የሚፈልጉትን ያውቃሉ፣ እሷም ሽያጩ የት እንደተመዘገበ ታውቃለች፤ ስለዚህ የሚጠየቅ ነገር ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ ቅዳሜንና እሑድን ቁጭ ብላ ሠርታ ሰኞ ጠዋት የምታቀርበው ሠንጠረዥ ሥራ አስኪያጁ ያሰቡት ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ስሌቷ ላይ አንዲት ስሕተት ሳትኖር ሥራው እንዳለ ይደገማል።

ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተረዱትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለአዛዡ መመለስ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንዴት እንደሚጻፍ፣ እንዴት እንደሚላክና መልሱ እንዴት እንደሚነበብ ከላይ ባለው ትእዛዝ ላይ ደረጃ በደረጃ እናሳያለን። ድርጅቱና የብር መጠኖቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው፤ የበጀት ዓመቱ ቀኖችና የቫት ስሌቱ ግን በየቢሮው የሚሠራባቸው ናቸው።

## ደረጃ 1፦ ትእዛዙን እንዳለ መገልበጥና ቃል በቃል መመርመር

ትእዛዙን አዛዡ በተናገሩት ቃል ወረቀት ላይ ይገልብጡት። በራስዎ ቃል አያሳጥሩት፤ ገና ሲያሳጥሩት አንዱን ትርጉም መርጠው ሌላውን ጥለዋል። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል እያነሡ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ይህን ቃል ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ቢረዱት የመጨረሻው ቁጥር ይለወጣል?» የማይለወጥ ከሆነ ይለፉት። የሚለወጥ ከሆነ ከሥሩ ያስምሩበት።

«2017» ከሥሩ ይሰመርበታል። በአገራችን ቢሮዎች ይህ ቁጥር ቢያንስ ሁለት ዓመቶችን ይጠራል። አንደኛው ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለው የዘመን መቁጠሪያው ዓመት ነው። ሁለተኛው የ2017 በጀት ዓመት ሲሆን፣ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ያልቃል። ሁለቱ ከመስከረም እስከ ሰኔ ባሉት 10 ወሮች ይጋራሉ፤ የሚለያዩት በሐምሌ፣ በነሐሴና በጳጉሜን ነው። የበጀት ዓመቱ የ2016ቱን ክረምት ይይዛል፣ የዘመን መቁጠሪያው ደግሞ የ2017ቱን። ክረምት ላይ ገበያው ለሚቀዘቅዝ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ደብተርና የደንብ ልብስ ለሚሸጥ ግን ነሐሴና ጳጉሜን ዋናው ገበያ ነው።

ሦስተኛም ዓመት አለ። ፒችትሪን በመሳሰሉ የሒሳብ ፕሮግራሞች ውስጥ ቀኑ የሚመዘገበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የድርጅቱ ባለድርሻ ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ወይም የውጭ አበዳሪ ካለበት ሪፖርቱ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ሊጠየቅ ይችላል። በዚህ ትእዛዝ ላይ «2017» ስለተባለ ይህ ትርጉም ሩቅ ነው፤ «ያለፈውን ዓመት» ቢባል ኖሮ ግን ከሁለቱ ጋር እኩል ይቆም ነበር።

«ሽያጭ» ሁለት ጊዜ ይሰመርበታል። ደረሰኝ የተቆረጠለት ሁሉ ነው ወይስ ገንዘቡ የገባው ብቻ? በዱቤ የሚሸጥ ድርጅት ላይ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሚሊዮን ይቆጠራል። ሁለተኛው መሰንጠቂያ ቫቱ ነው፤ 15 በመቶው ተጨምሮበት ነው ወይስ ተቀንሶለት? በዚህ አጋጣሚ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እናንሣ። ቫት ካለበት ድምር ላይ ቫቱን ማውጣት ማለት ለ1.15 ማካፈል እንጂ 15 በመቶ መቀነስ አይደለም። 1,150,000 ብር ቫት ያለበት ሽያጭ ያለ ቫት 1,000,000 ብር ነው፤ 15 በመቶ ቢቀነስለት ግን 977,500 ይሆንና 22,500 ብር ይጠፋል። በኤክሴል ቫት ያለበት ድምር E2 ላይ ቢቀመጥ ትክክለኛው የመጀመሪያው መስመር ነው፦

```
=E2/1.15
=E2*0.85
```

«በየቅርንጫፉ»ም ይሰመርበታል። ደረሰኙ መርካቶ ተቆርጦ ዕቃው ከአዳማ መጋዘን ከወጣ ሽያጩ የማን ነው? ድርጅቱ የተለመደ አሠራር ካለው ጥያቄው ይዘለላል፤ ከሌለው ግን ይህ ቃል ብቻውን የቅርንጫፎቹን ቅደም ተከተል ሊገለብጥ ይችላል።

«ለሰኞ» ቁጥር አይለውጥም፤ ሥራውን ግን ያበላሻል። ስብሰባው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ከምሳ በኋላ የደረሰ ሠንጠረዥ ዋጋ የለውም። ሪፖርቱ ውጭ አገር ላለ ሰው የሚላክ ከሆነ ደግሞ «3 ሰዓት» ሲባል በማን ሰዓት እንደሆነ አብሮ መጻፍ አለበት።

ግሦቹንም አይርሱ። እዚህ «አውጥተሽ» የተባለው ከተመዘገበው ላይ መሰብሰብ ብቻ ነው ወይስ የጎደለውን አጣርቶ መሙላትንም ይጨምራል? በቢሮ አማርኛ «ይጣራ»፣ «ይስተካከል»፣ «ታይቶ ይቅረብ» የሚሉት ከዚህ የባሱ ናቸው። ማን እንደሚያጣራ አይናገሩም፣ ማጣራቱ የት ላይ እንደሚያበቃም አይናገሩም። እንዲህ ያለ ግሥ ባለበት ትእዛዝ ላይ መጀመሪያ የሚሰመርበት ግሡ ነው።

አሁን ይቁጠሩ። ዓመቱ በሦስት መንገድ፣ የተቆረጠውና የገባው በሁለት፣ ቫቱ በሁለት፣ ቅርንጫፉ በሁለት ይሰነጠቃል። ሲባዛ 24 ነው። ከዚያች አጭር ትእዛዝ 24 ልዩ ልዩ ሠንጠረዦች ይወጣሉ፤ ሁሉም ስሌታቸው ትክክል ነው፣ የተፈለገው ግን አንዱ ብቻ ነው።

## ደረጃ 2፦ ለምን እንደተፈለገ መገመት

24ቱን አንድ በአንድ መጠየቅ አያስፈልግም። አብዛኞቹን የሚጥለው የሥራው ዓላማ ነው። ለበጀት መዝጊያ ከሆነ ዓመቱ ከሐምሌ እስከ ሰኔ፣ ሽያጩም ደረሰኝ የተቆረጠለት ይሆናል። ለባንክ ብድር ከሆነ ባንኩ ወደ ሒሳቡ የገባውን ገንዘብ ማየት ሊፈልግ ይችላል። ሱቅ ለመዝጋት ወይም ለማስፋት ከሆነ ከዓመቱ ድምር ይልቅ የወር በወሩ እንቅስቃሴ ይጠቅማል።

ትእዛዙ ላይ ዓላማው አልተጻፈም። ስለዚህ ሰሞኑን በቢሮው ከሚነገረው ተነሥተው ይገምቱና ግምትዎን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በግልጽ ያስገቡት። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ አዛዡ ያልነገሩትን ዓላማ መጻፍ ድፍረት ይመስላልና። ነገር ግን የተሳሳተ ዓላማ ወዲያው ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። አዛዡ ቀኑንና ቫቱን ሳያስተውሉ ሊያልፉ ይችላሉ፤ «ለበጀት መዝጊያ» የሚለውን ግን፣ ያሰቡት ሌላ ከሆነ፣ አያልፉትም።

## ደረጃ 3፦ ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ

በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ የዓረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል ቋንቋው ራሱ ይሰጠናል። መጀመሪያ ዓላማው፣ ቀጥሎ ጊዜው ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ የሚቆጠረው ነገር፣ በምን እንደሚከፈል፣ በምን መልክና መቼ እንደሚደርስ፣ በመጨረሻም ግሡ ይመጣል። ግሡ «አቀርባለሁ» ይሁን እንጂ «ይቀርባል» አይሁን። «ይቀርባል» ካሉ ሠሪው ማን እንደሆነ እንደገና ይጠፋል።

የባለሙያዋ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይሆናል፦

«የበጀት ዓመቱን መዝጊያ ሪፖርት ለማዘጋጀት፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ደረሰኝ የተቆረጠለትን ሽያጭ፣ ቫቱን ሳልጨምር፣ ዕቃው በወጣበት መጋዘን ሳይሆን ደረሰኙን በቆረጠው ቅርንጫፍ ለይቼ፣ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት አቀርባለሁ።»

ቀኖቹ ሙሉ በሙሉ እንደተጻፉ ያስተውሉ። «የ2017 በጀት ዓመት» ብሎ መጻፍ ለሚያውቀው ይበቃል፤ ሐምሌ 1 ብሎ መጻፍ ግን መስከረም 1ን ያሰበውን ሰው ያስቆመዋል። «መጋዘን ሳይሆን» የሚለውም ታስቦበት የገባ ነው። የተጣለው ትርጉም በስሙ ካልተጠራ አንባቢው ምርጫ እንደነበረ እንኳ አያውቅም። እንዲህ ያለው «ሳይሆን» ወይም «እንጂ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ቢበዛም ሁለት ጊዜ ይግባ፤ በእያንዳንዱ ቃል ላይ ከተደረገ ግን ይከብዳል። በጣም የሚያጠራጥርዎት ቃል ላይ ያድርጉት።

ርዝመቱ ከ25 እስከ 40 ቃል ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠ ሰው በስልኩ ላይ በአንድ ትንፋሽ አያነበውም። ቢሞክሩት ቢሞክሩት ከ50 ቃል በታች አልሆን ካለ፣ ብዙ ጊዜ ትእዛዙ ሁለት ሥራዎችን አንድ ላይ ይዟል ማለት ነው። ለምሳሌ «ሽያጩን አውጥተሽ ያልተከፈለውንም አሳውቂኝ» ቢባል የሽያጭ ሠንጠረዥና የተበዳሪዎች ዝርዝር ሁለት ሥራዎች ናቸው። ለየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ይጻፉላቸው።

ሁለት ዓይነት የተበላሸ አጻጻፍ አለ። የመጀመሪያው የገደል ማሚቶ ነው፦ «የ2017ን ሽያጭ በየቅርንጫፉ አውጥቼ ለሰኞ አደርሳለሁ።» አዛዡ የራሳቸውን ቃል መልሰው ስለሚሰሙ «አዎ» ይላሉ፤ 24ቱ ሠንጠረዦች ግን እንዳሉ ናቸው። የተሰመረባቸው ቃሎች በዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ በዚያው መልካቸው ከተገኙ ምንም አላረጋገጡም። በሌላ ቃል፣ በቀን ወይም በቁጥር መተካት አለባቸው።

ሁለተኛው የጥያቄ ናዳ ነው፦ «ዓመቱ የትኛው ነው? ቫት ይጨመር? ዱቤ ይካተት? በመጋዘን ነው በደረሰኝ?» በሥራ የተወጠረ ሰው ከነዚህ አንዱን መልሶ ሌላውን ይረሳል፣ ወይም «አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እንደሚሆን አድርጊው» ይላል። ጥያቄ አዛዡን ያሠራል። ግምት የያዘ ዓረፍተ ነገር ግን የሳተውን ብቻ ነው የሚያሳርመው። ሰው ባዶ ቦታ ከሚሞላ የተሳሳተ ነገር ማረም ይቀለዋል።

## ደረጃ 4፦ መላክ

ትእዛዙ በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት ይላክ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግማሽ ቀን የሠራ ሰው ሲጽፍ ሳያውቀው የሠራውን ይጽፋል፣ እርማት ሲመጣበትም መከላከል ይጀምራል።

ለአለቃ ሲላክ አነጋገሩ ይወስናል። «ትእዛዙ ግልጽ አይደለም» ወይም «ቢያብራሩልኝ» የሚለው አዛዡን የወቀሰ ይመስላል፣ ሥራውንም ወደ እሳቸው ይመልሳል። «ገብቶኛል፣ እሺ» ደግሞ በሩን ይዘጋል። የሚሠራው አነጋገር የስሕተቱን ዕድል ወደ ራስ የሚያዞር ነው፦ «የተረዳሁትን ልጻፍልዎትና የሳትኩት ካለ ያርሙኝ፤ በተለይ ቀኑንና ዱቤውን ይዩልኝ።» የመጨረሻዋ ሐረግ ዓይናቸው የት ማረፍ እንዳለበት ትነግራቸዋለች። ከሁለት በላይ ነገር አይጠቁሙ፤ አራት ከጠቆሙ የጥያቄ ናዳው ተመለሰ ማለት ነው።

ትእዛዙ በጸሐፊ ወይም በምክትል በኩል ከመጣ ዓረፍተ ነገሩ ለትእዛዙ ባለቤት መድረስ አለበት። መልእክት አድራሹ የሚያረጋግጥልዎት እሱ የሰማውን ነው። በቀጥታ መጻፍ የማይመች ከሆነ «ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳለ አሳዩልኝ» ይበሉ። በስልክ የተነገረም ከሆነ እዚያው በቃል ይመልሱና ስልኩ እንደተዘጋ ጽፈው ይላኩት። የተጻፈው ከሁለት ቀን በኋላ ያስፈልግዎታል።

## ደረጃ 5፦ መልሱን ማንበብ፣ አስፈላጊ ከሆነም እንደገና መጻፍ

በምሳሌያችን ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ብለው ይመልሳሉ፦ «አይ፣ ለቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ ቦነስ ልወስንበት ነው። በዱቤ የበተኑትንማ ምን አደርገዋለሁ፤ የገባውን ነው የምፈልገው። ቀኑ ልክ ነው።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ተልኮ ዓላማው ታረመ፣ ከዓላማውም ጋር የሚቆጠረው ነገር ተለወጠ። ይህ ሳይታወቅ ቢታለፍ ምን ይሆን እንደነበር በሁለት ቅርንጫፎች እንይ። የመርካቶው ቅርንጫፍ በዓመቱ 11.5 ሚሊዮን ብር ደረሰኝ ቆርጧል፤ ያለ ቫት 10 ሚሊዮን ነው። ከዚህ የገባው ግን 6.9 ሚሊዮን፣ ያለ ቫት 6 ሚሊዮን ብቻ ነው። አዳማ 9.2 ሚሊዮን ቆርጦ 8.74 ሚሊዮን ሰብስቧል፤ ያለ ቫት 8 ሚሊዮንና 7.6 ሚሊዮን መሆኑ ነው። በተቆረጠው ደረሰኝ መርካቶ ይቀድማል፣ በገባው ግን አዳማ በ1.6 ሚሊዮን ይበልጣል። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ቢቀርብ ኖሮ ቦነሱ ዱቤ ለበተነው ይሄድ ነበር። ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ ይህን የሚያስጠረጥር አንድም የተበላሸ ቁጥር አይገኝም።

እርማት ሲመጣ «እሺ፣ የገባውን አደርጋለሁ» ብሎ ወደ ሥራ መግባት ሁለተኛው ወጥመድ ነው። አዲሱ ቃል ራሱ ይሰነጠቃልና። «የገባው» ሲባል በሐምሌ 2016 የተሰበሰበ፣ ነገር ግን በሰኔ 2016 የተሸጠ ዕቃ ገንዘብ ይቆጠራል? ገንዘቡ የገባው በበጀት ዓመቱ ውስጥ ነው፣ ሽያጩ ግን ከዚያ በፊት ነው። በተቃራኒው በሰኔ 2017 ተሸጦ ሐምሌ ላይ የተከፈለውስ? ቀኑ ገና ያልደረሰ ቼክ ገብቷል ይባላል? ገዢው ዊዝሆልዲንግ የሚባለውን ግብር ቀንሶ ሲከፍል የተቀነሰው እንዳልተሰበሰበ ይቆጠራል ወይስ እንደተሰበሰበ? የመጨረሻው በተለይ ያሳስታል፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈለ ደረሰኝ ጥቂት ብር የጎደለበት መስሎ ይታያልና፣ ሻጩ ባላጠፋው ይቀነስበታል።

ስለዚህ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፦

«የቅርንጫፍ ኃላፊዎችን ቦነስ ለመወሰን፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ባንክ ወይም ካዝና የገባውን የሽያጭ ገንዘብ፣ የቀድሞ ዱቤ ክፍያን ጨምሬ፣ ያልተመነዘረ ቼክን ግን ትቼ፣ ያለ ቫት በቅርንጫፍ ለይቼ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት አቀርባለሁ፤ ዊዝሆልዲንግ እንደተከፈለ ይቆጠራል።»

ሁለት ዙር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሦስተኛ ዙር ከመጣ መጻጻፉን ትተው አምስት ደቂቃ በአካል ወይም በስልክ ይነጋገሩ፤ አዛዡ ራሳቸው ገና አልወሰኑ ይሆናል።

## «እሺ» መልስ የማይሆንበት ጊዜ

ከሁሉ የሚያሳስተው መልስ «እሺ» ነው። «እሺ» አንብቤ ተስማምቻለሁ ሊሆን ይችላል፣ መልእክትሽ ደርሶኛልም ሊሆን ይችላል፣ አሁን ስብሰባ ላይ ነኝም ሊሆን ይችላል። የአውራ ጣት ምልክቱም እንዲሁ ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የሚያሳየው በማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በቴኔሪፍ ደሴት የደረሰው አደጋ ነው። በጉም በተሸፈነ ማኮብኮቢያ ላይ የኬኤልኤምና የፓን አም ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የኬኤልኤሙ ረዳት አብራሪ ከማማው የተሰጠውን የበረራ መስመር እንደ ደንቡ መልሶ አንብቦ ነበር። በመጨረሻው ላይ ግን መነሣት ላይ እንዳሉ የሚገልጽ፣ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ጨመረ። ተቆጣጣሪው ለመነሣት ተዘጋጅተው ቆመው የሚጠብቁ መስሎት «እሺ» ካለ በኋላ፣ እስኪጠራቸው እንዲጠብቁ ተናገረ፤ ይህ ሁለተኛው ንግግር ግን ፓን አሞቹ በዚያው ቅጽበት ከላኩት መልእክት ጋር ስለተደራረበ በኬኤልኤሙ በኩል አጥርቶ አልተሰማም። አውሮፕላኑ ያን ጊዜ መንደርደር ጀምሮ ነበር። ከዚያ አደጋ ወዲህ «መነሣት» የሚለው የአቪዬሽን ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ እንዳይነገር ተደርጓል።

ለቢሮ ሥራ የሚሆነው መለያ ይህ ነው። መልሱ ከተሰመረባቸው ቃሎች ቢያንስ አንዱን ካነሣ ተነብቧል ማለት ነው። «ቀኑ ልክ ነው» ወይም «ቼኩን ተዪው» የተነበበ መልስ ነው። ብቻውን የመጣ «እሺ» ግን አልተነበበም ብለው ይያዙትና «አዎ» ብሎ ማለፍ የማይቻልበትን ምርጫ ይላኩ፦ «ከሐምሌ ልጀምር ወይስ ከመስከረም?» ለዚህ «እሺ» ብሎ መመለስ አይቻልም። «ከሐምሌ ልጀምር አይደል?» ብለው ግን አይጠይቁ፤ አማርኛ ላይ «አይደል?» የሚለው መልሱን አብሮ ይዞ ይሄዳል።

## መልስ ሳይመጣ ሰዓቱ ከሄደ

ዓርብ ማታ ስልኩ ተዘግቷል እንበል። እጅን አጣጥፎ መቀመጥም፣ በግምቱ መጨረሻ ድረስ መሄድም አይገባም። በሁሉም ትርጉሞች የማይለወጠው የሥራው ክፍል የቱ እንደሆነ ለይተው ከእሱ ይጀምሩ። በእኛ ምሳሌ ከመስከረም እስከ ሰኔ ያሉት 10 ወሮች በየትኛውም የኢትዮጵያ ዓመት አሉ፤ ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ይቆዩ።

ከዚያም በላይ መረጃው በደረሰኝ ደረጃ ይሰብሰብ እንጂ ቶሎ አይደመር። እያንዳንዱ ደረሰኝ አንድ ረድፍ ይዞ፣ የተቆረጠበት ቀን፣ የቆረጠው ቅርንጫፍ፣ ዕቃው የወጣበት መጋዘን፣ ያለ ቫት ዋጋው፣ ቫቱ፣ የተከፈለው ገንዘብና የተከፈለበት ቀን ለየብቻ ዓምድ ይኑራቸው። እንዲህ ከተደረገ እሑድ ማታ «በገባው ነው» የሚል መልስ ቢመጣ የሚለወጠው የመደመሪያው ዓምድ ብቻ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በቅርንጫፍ ተደምሮ የተያዘ ከሆነ ግን ደረሰኞቹን ከመጀመሪያው መግለጥ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ላይ ያሰመሩባቸው ቃሎች የትኞቹ ዓምዶች ተለይተው መያዝ እንዳለባቸው ይነግሩዎታል።

## የመጀመሪያውን ረድፍ ማሳየት

ዓረፍተ ነገሩ ጸድቆም አዛዡ ሠንጠረዡን በዓይነ ሕሊናቸው ላያዩት ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ቅርንጫፍ እንዳለቀ፣ ቀሪዎቹ ገና ሳይጀመሩ፣ ያንን አንድ ረድፍ ከነአርእስቱ ፎቶ አንሥተው ይላኩ። በዚህ ደረጃ የሚመጡት እርማቶች ዓረፍተ ነገሩ የማይደርስባቸው ናቸው፦ «በሩብ ዓመት ከፋፍይልኝ» ወይም «የኃላፊው ስም ከጎኑ ይግባ» የሚሉ። ሩብ ዓመት ከተባለ አንደኛው ሩብ ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንንና መስከረምን እንደሚይዝ ያስታውሱ፤ ጳጉሜን ራሱን የቻለ ወር አድርጎ የሚቆጥር ቀመር እዚህ ላይ ይዛነፋል።

ከግማሽ ሰዓት በታች ለሚያልቅ ሥራ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሠርቶ ማሳየት ይቀላል። ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ ለሚፈጅ ግን ዓረፍተ ነገሩ የሚወስደው አሥር ደቂቃ ነው።

## በመሀል ሲለወጥ

እሑድ ከሰዓት «የተመለሰ ዕቃ ቀንሺበት» የሚል መልእክት ቢመጣ፣ ለውጡን ብቻ መዝግቦ ማለፍ አይበቃም። የጸደቀው ዓረፍተ ነገር ላይ ለውጡ ገብቶበት እንደገና ሙሉውን ይላካል፦ «...የተመለሰ ዕቃ ገንዘብን ቀንሼ...»። እንዲህ ሲጻፍ ያልታየ ነገር ብቅ ይላል፤ በበጀት ዓመቱ የተመለሰ፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት የተሸጠ ዕቃ ከማን ላይ ይቀነሳል? የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ተገልብጦ ከሠንጠረዡ በላይ እንደ ርዕስ ይቀመጣል። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ወረቀቱን የሚያነሣ ሌላ ኃላፊ የመርካቶው 6 ሚሊዮን የተቆረጠ ሳይሆን የገባ መሆኑን፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ መቆጠሩንና ያልተመነዘረ ቼክ እንደሌለበት ማንንም ሳይጠይቅ ከዚያው ያነባል።